52 ደቂቃ ንግግር፣ 9 ካርድ፦ የኮምቦልቻው የማሽላ ከረጢት ጉዳይ

በኮምቦልቻ ዙሪያ ያሉ የቃሉ ወረዳ ገበሬዎች የተሰባሰቡበት አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር አለ። ባለፈው ጥቅምት ለአባላቱ ሥልጠና አዘጋጅቶ ነበር። ጉዳዩ ማሽላን ያለ መድኃኒት ከነቀዝ ማዳን ነው። ያስተማሩት እህል ከታጨደ በኋላ ባለው ሥራ ላይ ብዙ ዓመት የቆዩ ባለሙያ ናቸው። ንግግሩ በስልክ ተቀረጸ፤ 52 ደቂቃ ሆነ። ቪዲዮው በማኅበሩ የቴሌግራም ቻናል ላይ ተለቀቀ።

ማን ይየው? ገጠር ቁጭ ብሎ በሞባይል ዳታ 52 ደቂቃ ቪዲዮ መክፈት ቀልድ አይደለም። የማኅበሩ ጸሐፊ ይህን አይቶ ቪዲዮውን ወደ ካሩሰል ለወጠው፤ ማለትም በተርታ እየተገላበጡ የሚነበቡ ምስሎች። በአጠቃላይ 14 ካርድ። ሥራው ንጹሕ ነበር። ቀለሙ ደስ ይላል፣ ፊደሉ ይነበባል፣ ከባለሙያዋ አፍ ያልወጣ ነገር አንድም የለበትም።

ኅዳር ላይ ማሽላ መወቃት ሲጀምር ከሐርቡ በኩል አንድ አባወራ ለጸሐፊው ደወሉ። ልጃቸው አንድ ካርድ በስልክ ልኮላቸዋል። ስድስተኛው ካርድ ነው። እንዲህ ይላል፦

> እህሉን ከረጢቱ ውስጥ ይክተቱ። አፉን አጥብቀው ይሰሩ። ነቀዙ በራሱ ጊዜ ይሞታል። መድኃኒት አያስፈልግም።

«አንተ ልጅ፣ ማሽላው ትናንት ነው የተወቃው። ዛሬ ብከተው ምን አለበት?» አሉት።

ጸሐፊው መልስ ከመስጠቱ በፊት ባለሙያዋ ጋ ደወለ። «ኧረ እንዳይሞክሩት!» አሉ። ከረጢቱ አየር እንዳያስገባ የተሠራ ነው። ብዙ ሰው ፒክስ የሚለው ባለሦስት ንብርብር ከረጢት ነው፤ ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ውጭው የተለመደው ማዳበሪያ። ነቀዙም እህሉም በውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ተንፍሰው ሲጨርሱት ነቀዙ መብላት ያቆማል፣ ከዚያ ይሞታል። ግን አየር የማያስገባ ነገር እርጥበትም አያስወጣም። ያልደረቀ ማሽላ ከገባበት ይሻግታል፣ ይሸታል፣ ለዘርም አይሆንም። ስለዚህ ዋናው ነገር ከረጢቱ ሳይሆን ከከረጢቱ በፊት ያለው ማድረቅ ነው። ይህ ደግሞ በሦስተኛው ካርድ ላይ ተጽፏል። ሦስተኛው ካርድ ሐርቡ አልደረሰም።

እኔ ደሴ ሆኜ ለተለያዩ ድርጅቶች የማኅበራዊ ገጽ ሥራ እሠራለሁ። ማኅበሩ ካርዶቹን እንደገና እንድሠራቸው የጠየቀኝ ከዚህ ስልክ በኋላ ነው። ጸሐፊውን ማንም አልወቀሰውም፤ እንዲያውም አብሮኝ የሠራው እሱ ነው።

ካርዱ ለምን ብቻውን ሄደ?

መጀመሪያ ይህን ማወቅ ነበረብን። ቴሌግራም በአንድ ጊዜ በአልበም የሚያስኬደው ምስል ቢበዛ 10 ነው። 14 ካርድ ሲጫን በ10 እና በ4 ተከፍሎ ወጣ። አንባቢ ደግሞ ከአልበሙ ውስጥ የፈለገውን አንድ ምስል መርጦ ለሌላ ሰው መላክ ይችላል። ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ልጁ ለአባቱ 14 ምስል አይልክም፤ «ይቺ ትጠቅመዋለች» ያላትን አንዷን ይልካል።

ከአልበሙ ሥር የሚነበበው ማብራሪያስ? እሱ በተለምዶ የሚጣበቀው ከመጀመሪያው ምስል ጋር ብቻ ነው። ስድስተኛው ምስል ለብቻው ሲላክ ማብራሪያው አብሮት አይሄድም። ጸሐፊው «በደንብ የደረቀ እህል ብቻ» የሚል ማስጠንቀቂያ ጽፎ ነበር። የጻፈው ግን እዚያ ማብራሪያ ውስጥ ነው። ለእያንዳንዱ ምስል የየራሱን ማብራሪያ መስጠት ይቻላል። ያኔ ግን በአልበሙ ሥር በአንድ ላይ የሚታይ ጽሑፍ አይኖርም፤ አንባቢው ምስሉን ካልከፈተ አያየውም። ስለዚህ አንድ ውሳኔ ላይ ደረስን። ለማንበብ ግዴታ የሆነ ነገር ሁሉ ምስሉ ላይ ይጻፋል። ማብራሪያው ውስጥ የሚገባው ቢጠፋም ጉዳት የሌለው ብቻ ነው።

ግልባጩ

ጸሐፊው ካርዶቹን ያወጣው ቪዲዮውን እያየ ማስታወሻ በመያዝ ነበር። እኔ ከዚያ አልጀመርኩም። ንግግሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቃል በቃል ገለበጥነው። አሰልቺ ሥራ ነው። ድምፁን ቀስ አድርጎ እያጫወቱ፣ እየመለሱ፣ እየጻፉ መሄድ ነው። በየአንቀጹ መጀመሪያ ላይ ደቂቃና ሴኮንድ ጻፍን። «ማለት ነው» እና «እ…» የመሰለውን አውጥተናል። «ምናልባት»፣ «አብዛኛውን ጊዜ»፣ «ከሆነ» የሚሉትን ግን አንዳቸውንም አልነካንም።

የስድስተኛው ካርድ ምንጭ 17ኛው ደቂቃ ላይ ተገኘ። ባለሙያዋ ያሉት እንዲህ ነው፦

> እንግዲህ ቅድም ባልኳችሁ መንገድ በደንብ የደረቀ ከሆነ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ከረጢቱ ውስጥ ትከቱታላችሁ፣ አፉን እንዲህ አድርጋችሁ ታስሩታላችሁ፣ ነቀዙ በራሱ ጊዜ ይሞታል፣ መድኃኒትም አያስፈልጋችሁም።

ካርዱ የወሰደው ከ«ከረጢቱ ውስጥ» ጀምሮ ያለውን ነው። የተተወው ክፍል ለጆሮ መንደርደሪያ ይመስላል፤ የሚጽፍ ሰው ሁሉ እጁ የሚሄደው እሱን ወደ መቁረጥ ነው። በእኛ ንግግር ደግሞ «ከሆነ» የሚመጣው ከፊት ነው፤ ትእዛዙ የሚመጣው ከኋላ። ማሳጠር የፈለገ ሰው ፊቱን ይቆርጣል። ሲቆርጠው ግን የሚወድቀው ሁኔታው ነው። ይህ ስድስተኛው ካርድ ላይ ብቻ አይደለም የሆነው። ግልባጩን ይዘን 14ቱን ስናመሳክር አምስት ካርዶች ልክ እንዲህ ተቆርጠው አገኘናቸው።

ሌላም አለ። በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ቅድም ባልኳችሁ» እና «እንዲህ አድርጋችሁ» የሚሉ ሁለት ጠቋሚዎች አሉ። የመጀመሪያው ወደ ስምንተኛው ደቂቃ ይጠቁማል። ሁለተኛው ወደ እጃቸው። አዳራሽ ለተቀመጠ ሰው ሁለቱም ግልጽ ናቸው። ካርድ ላይ ሲመጡ ግን ባዶ ናቸው። ግልባጩ ላይ ጠቋሚ በተገኘ ቁጥር በቀይ አሰመርን። ከጎኑም የሚጠቁመውን ነገር ራሱን ጻፍን። ለእጁ እንቅስቃሴ ወደ ቪዲዮው ተመልሶ ማየት ግድ ነው፤ ድምፁን ብቻ የሰማ ሰው አያገኘውም።

ከሁሉ የከበደን የጥያቄና መልሱ ክፍል ነበር። ስልኩ የተቀመጠው ከመድረኩ አጠገብ ነው። የጠያቂዎቹ ድምፅ አይሰማም። 41ኛው ደቂቃ ላይ ረጅም ጉርምርምታ አለ። ከዚያ ባለሙያዋ ቆጣ ብለው «አይ! እሱን በፍጹም እንዳታደርጉት። ቤት ውስጥ ልጅ ይተኛል» ይላሉ። ምኑን? ግልባጩ አይናገርም። ጸሐፊው አዳራሹ ውስጥ ስለነበር አስታወሰው፤ እኔም ባለሙያዋን ደውዬ አረጋገጥኩ። አንድ ገበሬ «ለማንኛውም ብለን ክኒኑንም አብረን ብንጨምርስ?» ብሎ ጠይቆ ኖሯል። ክኒን የሚሉት እርጥበት ሲያገኘው መርዛማ ጋዝ የሚለቀውን የነቀዝ መድኃኒት ነው። በእኔ ግምት ከ52ቱ ደቂቃ የከበደው ነገር ይህ ነበር። በ14ቱ ካርዶች ውስጥ ግን የለም፤ ምክንያቱም ቪዲዮው ላይ ጥያቄው አይሰማም። የጥያቄ ሰዓት ያለበትን ንግግር የሚቀርጽ ሰው ተናጋሪው ጥያቄውን እንዲደግም አስቀድሞ ቢነግረው ይህ ሁሉ ይቀራል።

መለየት

ከግልባጩ «አድርጉ»፣ «አታድርጉ» ወይም «እንዲህ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው» የሚለውን ሁሉ አውጥተን በኤክሴል ደረደርን። አንድ ረድፍ፣ አንድ ሐሳብ። ከጎኑ ደቂቃው። ከዚያ ቀጥሎ «የሚሠራው መቼ ነው?» የሚል ዓምድ። ይህ ዓምድ ባዶ የሆነበትን ረድፍ ሁሉ ወደ ግልባጩ ተመልሰን ፈለግንለት። አንዳንዱ ሁኔታ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም፤ ከአሥር ደቂቃ በፊት ነው የተባለው።

ከዚያ በሦስት ከፈልናቸው። አንዳንዱ ራሱን ይችላል። «ከረጢቱን ከመሙላትዎ በፊት ላስቲኩን በአየር ነፍተው ይጫኑት፤ አየር ካፈሰሰ ቀዳዳ አለው፤ አይጠቀሙበት» የሚለው ለማንም፣ መቼም ቢደርስ ትክክል ነው። አንዳንዱ ጓደኛ ይፈልጋል። «መድኃኒት አያስፈልግም» የሚለው ማድረቁና ማሰሩ ከሌሉ ውሸት ይሆናል። የቀረው የአዳራሹ ብቻ ነው። የባለሙያዋ አጎት ጎተራ ታሪክ፣ የዚያን ሳምንት የከረጢት ዋጋ፣ ከአንድ ሰውዬ ጋር የተለዋወጡት ቀልድ። የአጎታቸው ታሪክ በጣም ያስቃል። ግን ከመልካቸውና ከአነጋገራቸው ከተለየ ጣዕም የለውም፤ ቪዲዮው ላይ ይቅር አልን። ዋጋውን የተውነው ዋጋ ስለሚለዋወጥ ነው። ካርድ ደግሞ ቀን አይቆጥርም፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ይላካል።

ጓደኛ ለሚፈልጉት ሁለት ምርጫ ነበረን። ወይ ጓደኛውን እዚያው ካርድ ላይ ማስገባት፣ ወይ ካርዱን መተው። «ቀጣዩን ካርድ ይመልከቱ» ማለት ምርጫ አልነበረም። ቀጣዩ የሚባል ነገር ለሐርቡው ሰው የለም።

የጨው ካርድ

ማሽላ መድረቁን በምን ይለዩታል? መለኪያ መሣሪያ ያለው ገበሬ ጥቂት ነው። ባለሙያዋ ያሳዩት የጨው ዘዴ ነው። የሚታይ ጠርሙስ፣ እህል፣ ደረቅ ጨው። በአሮጌው ስብስብ እንዲህ ተብሎ ነበር፦

> እህልዎ መድረቁን በጨው ይለዩ። እህልና ጨው ጠርሙስ ውስጥ ጨምረው ይነቅንቁ። ጨው ካልተጣበቀ ደርቋል።

አጭር ነው፤ ያምራል። ራሱንም የቻለ ይመስላል። ግልባጩ ግን 11ኛው ደቂቃ ላይ ይህን ይላል፦

> ጨው ካልተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በታች ወርዷል ማለት ነው። እኛ ግን ለዚህ ከረጢት የምንፈልገው ወደ 13 ነው። ስለዚህ ጨው አልተጣበቀም ብላችሁ በዚያው ቀን እንዳትከቱ፤ አንድ ሁለት ቀን ጨምሩበት።

በ15 እና በ13 መካከል ያለችውን ክፍተት ጨው አያሳይም። «ደርቋል» የሚለው ቃል ግን ለገበሬው «ክተተው» ማለት ነው። ሌላም የተተወ ነገር ነበር። ጨው ራሱ እርጥብ ከሆነ ሁልጊዜ ይጣበቃል። የገበያ ጨው ደግሞ ብዙ ጊዜ እርጥበት አያጣውም። ባለሙያዋ ጨዉን ምጣድ ላይ አድርቀው፣ አቀዝቅዘው ነው የተጠቀሙት። ይህን በቃላቸው አልተናገሩትም። ቪዲዮው ላይ ከጠረጴዛው ሥር ምጣድ ይታያል፤ ጠይቄ ነው ያወቅሁት።

አዲሱ ካርድ እንዲህ ሆነ፦

> ጨው ባይጣበቅም ገና ፀሐይ ይፈልጋል
> የደረቀ የመስታወት ጠርሙስ ሲሶውን በማሽላ ይሙሉ። ምጣድ ላይ ደርቆ የቀዘቀዘ ጨው፣ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይጨምሩ። አንድ ደቂቃ በኃይል ይነቅንቁ። 15 ደቂቃ ያቁሙት።
> ጨው መስታወቱ ላይ ከተጣበቀ፦ እርጥብ ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመልሱ።
> ካልተጣበቀ፦ አንድ ሁለት ቀን ሸራ ላይ ፀሐይ ያስመቱና አየር በማያስገባው ከረጢት ይክተቱ።

ረዘመ። ከ9ኙ ካርዶች ሁሉ ቃል የበዛበት ይህ ነው። ጸሐፊው «ሁለት ካርድ እናድርገው፤ አሠራሩን በአንዱ፣ ውጤቱን በአንዱ» አለ። ሐሳቡ ለዓይን ትክክል ነበር። ነገር ግን ጠርሙሱን ነቅንቆ ውጤቱን ማንበብ የማይችል ሰው ሠራ አይባልም፤ ውጤቱን ብቻ ያገኘ ሰው ደግሞ በእርጥብ ጨው ይፈትናል። ስለዚህ ቃሉን ሳይሆን ሥዕሉን ቀነስን። የነበረው የማሽላ ዛላ ፎቶ ወጣ፤ ጽሑፉ ቦታ አገኘ። ርዕሱንም የቀየርነው ሆን ብለን ነው። ሰው ርዕሱን ብቻ አንብቦ ቢያልፍ እንኳ የሚይዘው ነገር ወደ ጥንቃቄ የሚያዘነብል እንዲሆን ነው።

የማሰር ካርድ

21ኛው ደቂቃ ላይ ግልባጩ ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «እንዲህ። ከዚያ እንዲህ። አያችሁ? ከዚያ ደግሞ እንዲህ።» በአሮጌው ካርድ ይህ «አፉን አጥብቀው ይሰሩ» ሆኖ ነበር። ገበሬ ማዳበሪያ ማሰር አያቅተውም፤ አጥብቆ ያስራል። ችግሩ ይህ ከረጢት እንደ ማዳበሪያ በአንድ ገመድ ከላይ ከታሰረ አየር ማስገባቱ ነው። ቪዲዮው ላይ የባለሙያዋ እጅ የሚያደርገው ሌላ ነው። በመጀመሪያ የውስጠኛውን ላስቲክ ላይኛው ክፍል ባዶ ይተዋሉ። አየሩን በእጅ ተጭነው ያስወጣሉ። አንገቱን ይጠመዝዛሉ፣ አጥፈው በገመድ ያስራሉ። ሁለተኛውንም ላስቲክ ለብቻው እንደዚያው። በመጨረሻ የውጭውን። ሦስት ንብርብር፣ ሦስት እስር።

ከቪዲዮው ምስል ቆርጠን ለመጠቀም ሞከርን፤ በስልክ ከሩቅ የተቀረጸ ስለሆነ ደብዛዛ ነው። በማኅበሩ መጋዘን ውስጥ የጸሐፊውን እጅ አዲስ ፎቶ አነሳን። ፎቶዎቹን ለባለሙያዋ ላክናቸው። አንዱን መለሱት፤ ላስቲኩ ተጠምዝዟል እንጂ አልታጠፈም አሉ። እንደገና ተነሳ። ሦስቱ ፎቶዎች አንድ ካርድ ላይ ተደረደሩ፤ ከሥራቸው አንድ አንድ መስመር። ሦስት ካርድ ቢሆኑ ኖሮ «ይጠምዝዙ» የሚለው ብቻውን ይዞር ነበር።

የማይገጥሙ ሁለት ቁጥሮች

19ኛው ደቂቃ ላይ ከታሰረ በኋላ «ለአንድ ወር አትክፈቱት» ይላሉ። በጥያቄ ሰዓት ደግሞ «ሁለት ወር» ይላሉ። አሮጌው ስብስብ አንዱን በአራተኛው ካርድ፣ ሌላውን በ12ኛው ይዞ ነበር። በ14 ካርድ ውስጥ ስለተራራቁ ማንም አላስተዋለም። ለየብቻ ሲላኩ ግን ሁለት ጎረቤታሞች የተለያየ ምክር ይደርሳቸዋል።

እንዲህ ሲሆን እኔ ራሴ አልመርጥም። አማካይም አልወስድም። ደወልኩላቸው። «ትንሹ አንድ ወር ነው፤ ሁለት ያልኩት ለጥንቃቄ ነው» አሉ። «እንግዲያውስ የትኛው ይጻፍ?» ስል «አንድ ወር ሳይሞላ አይከፈት በሉ፤ ምክንያቱንም ጨምሩ» አሉኝ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በተከፈተ ቁጥር አዲስ አየር ይገባል፤ ያልሞተው ነቀዝ ነፍስ ይዘራል። ካርዱ ላይ አንድ ወሩም ምክንያቱም ገቡ። «ለዓይኔ ልየው» ብሎ በሳምንቱ ገመድ የሚፈታውን ሰው ከቁጥሩ ይልቅ ምክንያቱ ይይዘዋል።

የክኒኑ ካርድ ለመጻፍ አልከበደም። ርዕሱ «ከረጢቱ ውስጥ የነቀዝ ክኒን አይጨምሩ» ነው። ከሥሩ፦ የደረቀና በትክክል የታሰረ ከረጢት ክኒን አያስፈልገውም፤ ክኒኑ የሚለቀው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ እህል ባለበት ቤት ሰው ይተኛል። ይህን ካርድ የመጀመሪያው አደረግነው። በአልበም ውስጥ ጎልቶ የሚታየው እሱ ነው። መሸፈኛ ካርድ ብለን ርዕስና ዓርማ ብቻ ያለበት ምስል አልሠራንም። ከ10 ቦታ አንዱን ለማስዋቢያ መስጠት አልፈለግንም።

ፍተሻው

ካርዶቹን ማተሚያ ቤት ወስደን በወረቀት አተምናቸው። ከማኅበሩ ቢሮ በር ላይ ቡና የምታፈላ ልጅ አለች። ቤተሰቦቿ ማሽላ ያመርታሉ፤ ሥልጠናው ላይ ግን አልነበረችም። ካርዶቹን በውዝ አንድ አንድ እየሰጠኋት ሦስት ነገር ጠየቅኋት። ምን አድርጊ ይልሻል? መቼ? ብትሳሳቺ ምን ይበላሻል? ከካርዱ ውጭ እኔ ምንም አልናገርም።

ሰባቱ አለፉ። ሁለቱ ላይ ቆመች። አይጥን ስለመከላከል የሚለው ካርድ «ከግድግዳ ራቅ አድርገው በርብራብ ላይ ያስቀምጡ» ይላል። «ምኑን?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ካርዱ ላይ «ከረጢት» የሚል ቃል የለም፤ እኔ ግልባጩን ስላነበብኩ በራሴ ውስጥ ሞልቼው ነበር። ሁለተኛው ለዘር ስለሚቀመጥ ማሽላ ነው። «በደንብ ከደረቀ ለዘርም ይሆናል» ይላል። «ምን ያህል ሲደርቅ?» አለች። የጨውን ፍተሻ እዚያ ለመድገም ቦታ የለም። «በጨው ተፈትኖ፣ ጨው ሳይጣበቅ፣ ከዚያም አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ የተጨመረበት» ብለን ባንድ መስመር አስገባነው። ድግግሞሽ ነው፤ አራት ካርዶች ላይ ይህ መስመር አለ። በተርታ ለሚያነብ ሰው ይሰለቻል። እኛ የመረጥነው አንዷን ብቻ የሚያገኘውን ሰው ነው።

ስለ መልኩ

ብዙ አልልም። ምስሎቹ በ1080 በ1350 ፒክስል ተሠሩ፤ ለኢንስታግራምም ለፌስቡክም ይሆናል። ቴሌግራም ፎቶ ሲጫን ስለሚያሳንሰው ጥቃቅን ፊደል ይደበዝዛል። በተለይ ቅጥያቸው ትንሽ የሆነ እንደ «ሉ» እና «ሊ» ያሉ ፊደላት ይመሳሰላሉ። በጣም የወፈረ ፊደልም ውስጡ ይደፈናል። ስለዚህ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በመካከለኛ ውፍረት ተጠቀምን። ካርዱን የምናየውም በኮምፒውተር ሳይሆን ለራሳችን በቴሌግራም ልከን፣ ርካሽ ስልክ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ቆመን ነበር። የኮምቦልቻ ቀትር ለዚህ አይታማም።

በእያንዳንዱ ካርድ ግርጌ ሦስት ነገር አለ። የማኅበሩ ቻናል ስም፣ ነገሩ የሚገኝበት የቪዲዮው ደቂቃ፣ ካርዱ የወጣበት ወርና ዓመት። የጨው ካርዱ ግርጌ ላይ 8 እና 11 ደቂቃ ተጽፏል። የሚጠራጠር ሰው 52ቱንም ሳያይ ቦታውን ያገኛል።

9ኙ ካርዶች በታኅሣሥ መጀመሪያ ወጡ። ከአሮጌዎቹ 14 አምስቱ በመዋሐድ ጠፉ፣ ሁለቱ ተጣሉ፣ ሰባቱ ተሻሻሉ፤ የክኒኑና የላስቲክ ፍተሻው ካርዶች አዲስ ናቸው። ለማኅበሩ የሚመጣው ጥያቄ አልቆመም፤ ዓይነቱ ግን ተለወጠ። አሁን የሚጠይቁት ከረጢቱ የት ይገኛል፣ ዋጋው ስንት ነው፣ ለሽምብራስ ይሆናል ወይ እያሉ ነው። የሽምብራው በንግግሩ ውስጥ ስላልነበረ ካርድ አልሠራንለትም። ባለሙያዋ በሌላ ቀን ይመለሱበታል።

አሮጌው ስድስተኛ ካርድ ግን እስካሁን ይዞራል። ከቻናሉ ላይ ቢሰረዝ ወይም ቢታረም ሰው ለሰው የላከው ቅጂ አይነካም። ስለዚህ ጸሐፊው አንድ አሥረኛ ካርድ ጨመረ። የአሮጌውን ካርድ ምስል አሳንሶ ከላይ አስቀመጠ፤ በቀይ ሰረዘው። ከሥሩ «ይህ ካርድ ከደረሰዎት፦ የሚሠራው በጨው ተፈትኖ በደንብ ለደረቀ ማሽላ ብቻ ነው» ብሎ ጻፈ። መጀመሪያ የላከውም ለሐርቡው ሰውዬ ልጅ ነው፤ አሮጌውን ለላከላቸው ሁሉ ይህንን እንዲልክላቸው።